ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ጠረጴዛ

የግዥ ባለሙያዋ ፊት ሦስት ፕሮፎርማዎች ተዘርግተዋል። ሦስቱም ፊርማና ማኅተም አላቸው፤ ሦስቱም ላይ "የቢሮ ጠረጴዛ" የሚል ተጽፏል። የመጀመሪያው ለአንድ ጠረጴዛ 9,800 ብር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው 17,500፤ ሦስተኛው 31,000። ሥራ አስኪያጁ ቆመው ወረቀቶቹን በየተራ አነበቡና "ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዝቅተኛውን እንውሰድ" አሉ።

"ዝቅተኛው ምን እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረንም" አለቻቸው።

እውነቷን ነበር። ለሦስቱ ሻጮች የተላከው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ድርጅቱ የቢሮ ጠረጴዛና ወንበር መግዛት ስለሚፈልግ ዋጋ እንዲላክለት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሻጭ ያሰበው 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን፣ መሳቢያ የሌለውን የቺፑድ ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው ባለ ሦስት መሳቢያውን አሰበ። ሦስተኛው ከውጭ የመጣውን የኃላፊ ጠረጴዛ። እያንዳንዱ ለራሱ ጥያቄ ራሱ መልስ ሰጥቷል። ስለዚህ በወረቀቶቹ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ልዩነት አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየ ሀገር በቀል ተቋም ነው። ፕሮፎርማዎቹ ወደ ጎን ተደረጉና ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። በሁለተኛው ዙር የተሠራውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ በየመሥሪያ ቤቱ "ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ" ሲባል የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነውና። እዚህ የሚጠቀሱት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ ተደርገው እንዳይወሰዱ።

መጀመሪያ ሜትሩ

ባለሙያዋ ብዕር ከማንሳቷ በፊት ሜትር ይዛ ክፍሎቹን ዞረች። የሠራተኛው ብዛት 29 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ መስክ የሚውሉ ስለሆኑ ቢሮ የሚገቡት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ለእነሱ 3 ጠረጴዛ በጋራ ይበቃቸዋል። 21 እና 3 ሲደመር 24 ጠረጴዛ። "ለ29 ሰው" ተብሎ በደፈናው ቢታዘዝ ኖሮ 5 ጠረጴዛ ያለ ሥራ ቦታ ይይዝ ነበር።

ብዛቱ በትክክል መጻፉ ለዋጋውም ይበጃል። ሻጩ ስንት ፍሬ እንደሚታዘዝ ካላወቀ የአንድ ፍሬ ዋጋ ይሰጣል። 24 መሆኑን ሲያውቅ ግን ጣውላውን በጅምላ መግዛት፣ መቁረጫውን አንዴ አስተካክሎ ሁሉንም መቁረጥ፣ ማጓጓዣውን በአንድ ጉዞ መጨረስ እንደሚችል አስልቶ ነው የሚመልሰው።

ሜትሩ ሌላም ነገር አሳየ። የስብሰባ ክፍሉ 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ጠረጴዛ ይይዛል፤ የክፍሉ በር ግን 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ደረጃውም በየፎቁ ይታጠፋል፤ ሊፍቱ ሰው እንጂ ዕቃ አይጭንም። ስለዚህ የስብሰባው ጠረጴዛ ተፈታትቶ የሚመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚገጠም መሆን አለበት። ይህ በጥያቄው ላይ ካልተጻፈ የሚታወቀው ዕቃው ደረጃው ላይ ሲቀረቀር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ "መቁረጫና መልሶ መግጠሚያ" የሚል አዲስ ሒሳብ ይመጣል።

ጠረጴዛው በወረቀት ላይ

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ተጻፈ። የጠረጴዛው ክፍል እንዲህ ይላል፦

"የሠራተኛ ጠረጴዛ፣ 24 ፍሬ። ርዝመት 140፣ ስፋት 70፣ ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከላይም ከታችም በሜላሚን የተሸፈነ ኤምዲኤፍ፤ ጠርዙ ዙሪያውን በ2 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ የታሸገ። እግሩ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ የብረቱ ውፍረት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ። ቁልፍ ያለው ባለ 3 መሳቢያ ሳጥን፤ ጠርዙ ሁሉ የታሸገ፣ የማይታየው የታች ጠርዝ ጭምር። የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳ። ቀለም፦ ገጹ ቀላል ቡናማ፣ ብረቱ ጥቁር።"

እያንዳንዱ ሐረግ እዚያ የገባው በምክንያት ነው። 25 ሚሊ ሜትር የተባለው 140 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገጽ መሐል ላይ ሳይጎብጥ እንዲቆይ ነው፤ ለመደርደሪያና ለሳጥን ጎን የሚበቃው 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ለረዥም ጠረጴዛ ገጽ ይሳሳል። "ሙሉ በሙሉ" የሚለው ቃል ደግሞ አንድ የታወቀ ዘዴ ይዘጋል። አንዳንድ ጠረጴዛ ከፊት ሲያዩት ወፍራም ነው፤ ጎንበስ ብለው ከሥር ሲመለከቱት ግን ውፍረቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስስ ጣውላ ዙሪያውን ሌላ ቁራጭ ተለጥፎበት በፒቪሲ ተሸፍኗል ማለት ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። የ25 ሚሊ ሜትር ዋጋ ከተከፈለበት ግን ጉዳት ነው።

ጠርዙ የተጠቀሰው ስለ ውሃ ነው። ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፑድ በተሸፈነው ፊቱ ላይ የፈሰሰ ሻይ ቢጠረግ ብዙ አይጎዳውም። ውሃው የሚገባው ባልታሸገው ጠርዝ በኩል ነው፤ አንዴ ከገባ ጣውላው ያብጣል፣ ሽፋኑም ይላቀቃል፤ ያበጠውም ወደ ቦታው አይመለስም። ጽዳት ሠራተኞች በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ በሚወለውሉት ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚበላሸው የሳጥኑ የታችኛው ጠርዝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ "ጠርዙ የታሸገ" ሲባል የማይታየው የታች ጠርዝም እንደሚጨምር መጻፍ ይገባል።

ለካቢኔቶቹና ለወንበሩም እንዲሁ ተደረገ፤ በወንበሩ ላይ ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ባለ አምስት እግር፣ ከፍታው በጋዝ የሚስተካከል፣ መደገፊያው መረብ፣ እስከ 120 ኪሎ ግራም የሚችል ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሆኖም ስፖንጁ ከወራት በኋላ ይሟሽሽ እንደሆነ፣ ጋዙም እየለቀቀ ወንበሩን ዝቅ ያደርገው እንደሆነ ከፎቶግራፍ አይታወቅም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ ተወዳዳሪዎች ከዋጋ ማቅረቢያቸው ጋር አንድ የናሙና ወንበር እንዲያቀርቡ፣ የተመረጠው ሻጭ ናሙናም እስከ ርክክቡ ድረስ በድርጅቱ እጅ እንደሚቆይ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ዋናው ነው። ናሙናው ከተመለሰ በኋላ የሚመጣውን ዕቃ ከምን ጋር ማመሳከር ይቻላል?

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጽንፍ መሄድም አለ። አንዳንድ ጠያቂ የወደደውን ሱቅ ካታሎግ ይዞ የሞዴሉን ስም፣ የእጀታውን ቅርጽ፣ እስከ ሚሊ ሜትር ያለውን ልክ ሁሉ ወደ ጥያቄው ይገለብጠዋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ያ ሱቅ ብቻ ነው፤ የተቀሩት ወይ ይተዉታል ወይ "የለንም" ይላሉ። ዝርዝሩ መናገር ያለበት ዕቃው ምን መቻል እንዳለበት ነው፤ "ከዚህ ያላነሰ" የሚለው አነጋገርም ደህና አምራች ሁሉ እንዲገባ በሩን ይከፍታል።

ዋጋ ሲባል የትኛው ዋጋ?

ከዕቃው ዝርዝር ቀጥሎ ያለው የጥያቄው ክፍል አጭር ነው፤ ግን ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ባለሙያዋ ሁሉም ሻጭ ዋጋውን በአንድ መልክ እንዲያቀርብ ጠየቀች፦ የአንዱ ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት፣ ታክሱ፣ ጠቅላላው፤ ማጓጓዣው፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ማውጣቱና መገጣጠሙ በዋጋው ውስጥ ተካተው። ማስረከቢያው ከውል በኋላ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ፤ ዋስትናው ከአንድ ዓመት ያላነሰ። ከዚህ ጋር የታደሰ የንግድ ሥራ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ሰርተፊኬት ቅጂ እንዲያያዝ ተጠየቀ።

ዋጋው ፀንቶ የሚቆይበት ጊዜም 30 ቀን ተብሎ ተወሰነ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ወንበርና ጣውላ የሚሸጥ ነጋዴ ለረዥም ጊዜ ዋጋ ማሰር ይከብደዋል፤ "ዋጋው ለ5 ቀን ብቻ የፀና ነው" ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ጠያቂው መሥሪያ ቤት ግን የራሱን ቤት ማየት አለበት። የግዥ ኮሚቴው ለመሰብሰብ፣ ፋይናንስ ለማጽደቅ፣ ቼኩ ለመፈረም ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ የ5 ቀን ዋጋ ከመፈረሙ በፊት ያልፍበታል። 30 ቀን ማሰር የማይችል ሻጭ ቢያንስ ስንት ቀን እንደሚችል በግልጽ እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል።

የመመለሻው ቀን

ደብዳቤው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጣ። መመለሻው "ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 2025 ከሰዓት በኋላ 4:00" ተባለ። ይህን ያህል መብዛቱ ከንቱ አይደለም። ሁለት የቀን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ባለበት ከተማ "እስከ 10:00 ድረስ" ተብሎ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ቢጻፍ አንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይለዋል፤ ሌላው ከቀኑ 10 ሰዓት። መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖስታውን ይዞ የመጣው ሻጭ "አልፎብሃል" ቢባል፣ ክርክሩ የሚነሳው እሱ ተሳስቶ ሳይሆን ወረቀቱ ስላልነገረው ነው።

ከደብዳቤው ቀን እስከ መመለሻው ሰባት የሥራ ቀን አለ። አምራች የሆነ ሻጭ ይህን ጊዜ ይፈልገዋል፤ የጣውላውን ዋጋ ጠይቆ፣ የብረት ሠራተኛውን አስማምቶ ነው ዋጋ የሚያወጣው። በሁለት ቀን መልስ የሚጠየቅ ከሆነ ዋጋ የሚሰጡት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ የተጠየቀው ዕቃ ባይሆንም ያላቸውን ይልካሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጥድፊያው ኋላ ላይ በጭቅጭቅ ይከፈላል።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንድ ሻጭ ስልክ ደውሎ "ኤምዲኤፉ በቺፑድ ቢተካ ይቻላል?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ "አይቻልም" ነበር። ይህ መልስ ግን ለጠያቂው ብቻ አልተሰጠም፤ ጥያቄውና መልሱ የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ ለሁሉም ተላከ። ለአንዱ በስልክ የተነገረው ለሌላው ካልደረሰ ውድድሩ ያን ዕለት ፈርሷል።

ሦስቱ በእርግጥ ሦስት ናቸው?

ደብዳቤው የተላከው ለስድስት ሻጮች ነው፤ ሦስት እውነተኛ መልስ ለማግኘት ከሦስት በላይ መጠየቅ ስለሚያስፈልግ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ተላከ፤ አንዱ የሌላውን ስም እንዳያይ።

ምክንያቱ በግዥ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሻጩ ፈገግ ብሎ "አትድከሚ እህቴ፣ የሁለቱንም ፕሮፎርማ እኔው አመጣልሻለሁ" ይላል። ለፋይሉ ሦስት ወረቀት ይሞላል፤ የተወዳደረ ግን የለም። የሁለቱ ሥራ የአንዱን ዋጋ ዝቅተኛ ማስመሰል ብቻ ነው፤ እውነተኛው ዋጋ ከሦስቱም በታች ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ወረቀት ምልክት አለው። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች ላይ አንድ ቃል በተመሳሳይ መንገድ ተሳስቶ ተጽፎ ይገኛል። የሠንጠረዡ አምዶች ስፋት እኩል ነው። የሁለቱ ዋጋ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከአሸናፊው በተመሳሳይ መጠን ይበልጣል፤ ጠረጴዛው በ8 በመቶ፣ ወንበሩም በ8 በመቶ፣ ካቢኔቱም በ8 በመቶ። በእርግጥ የተወዳደሩ ነጋዴዎች ዋጋ እንዲህ አይሆንም፤ ብረት የሚሠራው በካቢኔት ይረክሳል፣ ወንበር አስመጪው በወንበር። ምልክቱን ያየ ሰው ወዲያው መክሰስ አይጠበቅበትም፤ ፕሮፎርማው ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሎ ስለ ዕቃው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃል። ዋጋውን በእርግጥ ያወጣው ሰው ስለ ጠረጴዛው እግር ይመልሳል፤ ማኅተም ብቻ ያዋሰው ግን "ቆይ ልጠይቅልሽ" ይላል።

ማወዳደሪያው

በቀነ ገደቡ አራት ፖስታ ገባ። ኮሚቴው አንድ ላይ ከፈታቸው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁሉም ፈረሙ። አንዱ የንግድ ፈቃዱ ያልታደሰ ስለነበር ወደ ማወዳደሪያው አልገባም። የሦስቱ የጠረጴዛ ዋጋ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛው ሻጭ ለአንድ ጠረጴዛ 18,400 ብር ሰጠ፤ ታክሱን፣ ማጓጓዣውንና መገጣጠሙን ጨምሮ። ሁለተኛው 17,200 ብር ጻፈ፤ ከሥር በትናንሽ ፊደላት "ታክስን አይጨምርም" ይላል። ሦስተኛው 15,900 ብር ከነታክሱ፤ ማጓጓዣና መገጣጠሚያ ግን ለብቻው 36,000 ብር።

በአንዱ ዋጋ ብቻ ቢታይ ቅደም ተከተሉ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ አንደኛው ነው። ሁሉም ወደ አንድ መልክ ሲመጣ ግን ይለወጣል። በሁለተኛው ላይ 15 በመቶ ታክስ ሲጨመር አንዱ ጠረጴዛ 19,780 ብር ይሆናል፤ 24ቱ 474,720 ብር። የአንደኛው 24 ጠረጴዛ 441,600 ብር ነው። በወረቀቱ ላይ በ1,200 ብር ይረክስ የነበረው ሁለተኛው ሻጭ በጠቅላላው በ33,120 ብር ተወደደ። የሦስተኛው 381,600 ሲሆን 36,000ው ተደምሮ 417,600 ብር ይመጣል። አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ከአንደኛው በ24,000 ብር ያንሳል።

ኮሚቴው ግን ከዋጋው በፊት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አመሳክሮ ነበር። ሦስተኛው ሻጭ በውፍረት ቦታ ላይ የጻፈው 18 ሚሊ ሜትር ነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ "እንደውልለትና በ25 አስተካክል እንበለው፤ ዋጋው ጥሩ ነው" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያዋ አልተስማማችም። ከቀነ ገደቡ በኋላ ግልጽ ያልሆነ ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ለምሳሌ "የጻፍከው ቀለም የትኛው ነው?" ማለት። ዕቃውን ወይም ዋጋውን ማስለወጥ ግን የሌሎቹን ዋጋ ላወቀ ሰው ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው። ሁለቱ በ25 ሚሊ ሜትር አስልተው የገቡት ጥያቄውን አምነው ነው። ድርጅቱ 18 ሚሊ ሜትር ይበቃኛል ካለ መንገዱ ዝርዝሩን አሻሽሎ ለሁሉም እንደገና መላክ ነው። ኮሚቴው ተወያይቶ 25 እንዲሆን ወሰነ፤ ሦስተኛው ሻጭ በጠረጴዛው ከውድድር ወጣ፤ ምክንያቱም በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። አንደኛው አሸነፈ።

በካቢኔቶቹ ግን ያሸነፈው ያው ሦስተኛው ሻጭ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው "ውድድሩ በእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ነው" ስለሚል ነው። በጠቅላላ ድምር ቢሆን ኖሮ ርክክቡ ከአንድ ሻጭ ጋር ብቻ ስለሚሆን ሥራው ይቀልል ነበር፤ በየዕቃው ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ከሚችልበት ይገዛል። ሁለቱም ይቻላል፤ የማይቻለው ዋጋዎቹ ከታዩ በኋላ መምረጥ ነው።

ካሊፐሩ

ጠረጴዛዎቹ ሲመጡ ባለሙያዋ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛውና ከኮሚቴው አንድ ሰው ቆመው ተረከቡ። የሽቦ ማሳለፊያው ቀዳዳ እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ፕላስቲክ ክዳኑ ሲነሳ የጣውላው ሥጋ ይታያል። የካሊፐሩ አፍ እዚያ ገብቶ 25 ያነባል ወይም አያነብም። 24ቱም ተለኩ። 22ቱ ልክ ናቸው። በሁለቱ ላይ የሳጥኑ የታች ጠርዝ ሳይታሸግ ቀርቷል፤ የጣውላው ዱቄት በጣት ሲነካ ይራገፋል።

የሻጩ ሠራተኛ "ይህ እኮ አይታይም" አለ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደብዳቤውን ገልጦ "የማይታየው የታች ጠርዝ ጭምር" የሚለውን አሳየው። ጭቅጭቅ አልነበረም። ሁለቱ ሳጥኖች ተመለሱ፤ ሞዴል 19 ለ22ቱ ብቻ ተቆረጠ፤ የሁለቱ ክፍያ ታስቦ እስኪተኩ ተያዘ። ሳጥኖቹ በሳምንቱ ታሽገው መጡ።

በርክክብ ቀን ተቀባዩ ሊጠይቅ የሚችለው በጥያቄው ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። "ጥራት ያለው ጠረጴዛ" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያልታሸገው ጠርዝ ጥራት ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሁለት ሰዎች አስተያየት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያ የወሰደ ሻጭም አስተያየቱን ለመለወጥ አይቸኩልም። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ጥያቄ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ሐረግ በዚህ ሊፈትነው ይገባል፦ ዕቃው በር ላይ ሲደርስ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በሜትር ለክቶ፣ በዓይኑ አይቶ ወይም ከናሙናው ጋር አመሳክሮ "ነው" ወይም "አይደለም" ማለት ይችላል? ካልቻለ ሐረጉ እንደገና ይጻፍ፤ ደብዳቤውም ያን ጊዜ ይላክ።